ከባንኬ በመጣ መልእክት ሊንክ ተጭኜ ፓስወርድና ኦቲፒ አስገባሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?

ህሊና_ቲ
ሰላም ናችሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከ20 ደቂቃ በፊት ከባንኬ ኤስኤምኤስ ገባልኝ፣ «አካውንትዎ በአዲስ ስልክ እየተከፈተ ነው፣ እርስዎ ካልሆኑ በዚህ ሊንክ ይሰርዙ» ይላል። የመጣው ደግሞ ከማላውቀው ቁጥር አይደለም፣ ሁልጊዜ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚነግሩኝ መልእክቶች ያሉበት ቦታ ላይ ነው፣ ከላይ የትናንቱ ትክክለኛ መልእክት አለ ከስሩ ይሄ። እኔም ሰው ሊገባብኝ ነው ብዬ ደንግጬ ተጫንኩት። የተከፈተው ገጽ ቁርጥ የባንኩ ነው፣ ሎጎው ቀለሙ ሁሉ። የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አስገባሁ፣ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ አንድ ደቂቃ የሚሆን ዞረ፣ ከዛ ኦቲፒ ጠየቀኝ፣ እውነትም ኦቲፒ መጣልኝና አስገባሁት። «ኮዱ አልሰራም፣ አዲስ ኮድ ተልኳል» አለኝ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ልገለብጠው ስል መልእክቱን አነበብኩት፣ «አዲስ ገንዘብ ተቀባይ ለመመዝገብ» ይላል! እኔ ምንም ተቀባይ አልመዘገብኩም። እዛው ዘጋሁት። እስካሁን ከአካውንቴ የወጣ ነገር የለም። ምን ላድርግ? ጠዋት ቅርንጫፍ ሄጄ ልንገራቸው ወይስ አሁን?

ቢኒ21
አይዞሽ ሁለተኛውን አለማስገባትሽ ትልቅ ነገር ነው። አሁኑኑ አፑ ውስጥ ገብተሽ ፓስወርድሽን ቀይሪ፣ ከቀየርሽ የያዙት ፓስወርድ ስለማይሰራ በቃ አለቀ። ጠዋት ቅርንጫፍ መሄዱ ይደርሳል።

ናሆም_ኬ
ህሊና ጠዋትን አትጠብቂ፣ ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ሳይሆን አሁን ደውይ። ቁጥሩን ከመልእክቱ እንዳትወስጂ፣ ጎግል ላይም አትፈልጊ፣ ኤቲኤም ካርድሽ ጀርባ ላይ ያለውን ተጠቀሚ። ሰው ሲያነሳልሽ ታሪኩን ከመጀመሪያ አትጀምሪ፣ እንዲህ በያቸው፦ ሀሰተኛ ገጽ ላይ ፓስወርድና ኦቲፒ አስገብቻለሁ፣ የሞባይልና የኢንተርኔት ባንኪንጌን ዝጉልኝ፣ በስሜ የተመዘገበ አዲስ ስልክ ካለ አስወጡልኝ፣ የዝውውር ጣሪያዬን እዩልኝ። ከዛ የአቤቱታ ቁጥርና የደወልሽበትን ሰዓት ጻፊ።

መስመሩ ተይዞ ካስጠበቁሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ በሌላ ስልክ አፑ ላይ ካርድ ማገጃ ካለ እገጂው። እሱ ከሌለ ደግሞ የኢንተርኔት ባንኪንጉ ላይ ሆን ብለሽ ፓስወርዱን ደጋግመሽ ተሳሳቺ፣ ብዙ ባንክ ላይ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ይቆለፋል።

ቢኒ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፣ ፓስወርድ መቀየር አለባት፣ ግን እሱ ሁለተኛ ነው። ለምን እንደሆነ ትደውልና እመለስበታለሁ።

ሮዛ_ም
እንዴ ስልክሽስ? ሊንኩን ስትጫኚ እኮ ቫይረስ ገብቷል፣ አሁን የምትጽፊውን ሁሉ እያዩት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ስልኩን ፎርማት አደርገው ነበር፣ ከዛ ነው መደወል።

ናሆም_ኬ
ሮዛ ፎርማት አታስደርጊያት በናትሽ። ፎርማት ሲደረግ ደቂቃዎች ይበላል፣ መልእክቱም ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል፣ የተሰረቀው ነገር ደግሞ ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው፣ እሷ በእጇ ጽፋ የሰጠቻቸው ነው። አፕዴት የተደረገ ስልክ ላይ ገጹ ስለተከፈተ ብቻ ቫይረስ የሚያስገባ ጥቃት የለም ማለት አልችልም ግን ውድ ነገር ነው፣ ለሺህ ሰው በጅምላ በሚላክ ኤስኤምኤስ ላይ አያባክኑትም። ጥያቄው «ተጫንሽ ወይ?» ሳይሆን «ከተጫንሽ በኋላ ምን ሰጠሽ፣ የጫንሽው አፕ አለ ወይ?» ነው።

ሮዛ_ም
እሺ ያ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አሁንም ልቤ አላረፈም፣ ከተረጋጋች በኋላም ቢሆን ታጽዳው።

ህሊና_ቲ
ደወልኩ! 11 ደቂቃ አስጠበቁኝ ግን አገኘኋቸው። ናሆም እንዳልከው ነው የነገርኳቸው፣ ልጅቷ ወዲያው ገባት፣ እየደጋገመች አልጠየቀችኝም። ስሙ፣ የመጀመሪያውን ኦቲፒ ባስገባሁ በአራት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ስልክ በስሜ ተመዝግቧል! የቀን ዝውውር ጣሪያዬም እስከመጨረሻው ከፍ ተደርጓል። ተቀባይ ግን አልተመዘገበም፣ ያችን ሁለተኛ ኮድ ስላልሰጠኋቸው። ሁሉንም ዘጉት። ፓስወርድ ብቻ ቀይሬ ቢሆን ኖሮስ? ቢኒ ክፋት ስላለህ አይደለም የምለው፣ በጣም ስለደነገጥኩ ነው።

ቢኒ21
ኧረ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። እኔ ፓስወርድ ከተቀየረ ሁሉም ሰው የሚወጣ ነበር የመሰለኝ።

ናሆም_ኬ
ብዙ ሰው የሚመስለው እንደዛ ነው። ባንክ ውስጥ የማጭበርበር ጥሪ የሚቀበለው ክፍል ስድስት ዓመት ሰርቻለሁና እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ህሊና ገጹ ላይ ስትጽፍ ወዲያ በኩል ሰው ተቀምጧል፣ ወይም ፕሮግራም። ያስገባችውን ስምና ፓስወርድ እዛው በዛው ሰዓት እውነተኛው ባንክ ላይ ያስገቡታል። «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ የዞረው ለዛ ነው፣ እሷን እያቆዩ እነሱ እየገቡ። እውነተኛው ባንክ ደግሞ አዲስ ስልክ ሲያይ ለሷ ኦቲፒ ይልካል። ስለዚህ ኦቲፒው ራሱ እውነተኛ ነው፣ ከባንኩ ነው የመጣው፣ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። ያንን ስትሰጣቸው ስልካቸው ተመዘገበ። አንዴ ስልክ ከተመዘገበ በኋላ ብዙ አፕ ላይ መግቢያው ራሳቸው ያወጡት አጭር ፒን ወይም የጣት አሻራ ነው፣ የድሮው ፓስወርድ ተቀየረ አልተቀየረ ለነሱ ምንም አይደለም። ሆን ተብሎ ተሳስቶ ማስቆለፉም የተመዘገበውን ስልክ ላያቆመው ይችላል፣ ጊዜ ለመግዛት ብቻ ነው ያልኩት።

ከዛ «ኮዱ አልሰራም» ይላሉ። ሰርቷል። የሚፈልጉት ሁለተኛ ኮድ ነው፣ ገንዘቡን የሚልኩበትን ሰው ለመመዝገብ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው ታሪኮች አብዛኞቹ ያለቁት እዚች ሁለተኛዋ ኮድ ላይ ነው፣ ሰዉ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይገለብጣል፣ ስልኩም ከላይ በኩል ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ ስለሚያሳይ ጽሁፉን የሚያነበው የለም። ህሊና ግን አነበበችው። ኦቲፒ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ለምን እንደተላከ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ተጽፏል፣ እናንተ እያደረጋችሁት ካለው ነገር ጋር ካልገጠመ ያኔ አቁሙ።

ጋሽ_ታዬ
ልጆች እኔም ይሄው ነው የደረሰብኝ፣ ባለፈው ወር ነው። እኔን ግን ፓስወርድ አልጠየቁኝም፣ «የባንክዎ አፕ ጊዜው አልፎበታል፣ አዲሱን ይጫኑ» የሚል መልእክት መጣ፣ ተጫንኩት፣ ስልኩ «ካልታወቀ ምንጭ» ምናምን ብሎ ሲከለክለኝ ገጹ ላይ እንዴት እንደሚፈቀድ በስዕል ያሳይ ስለነበር ፈቀድኩት። ከዛ ቅርንጫፍ ሄጄ ፓስወርዴን ቀየርኩ። በሳምንቱ ግን እኔ ምንም ኮድ ለማንም ሳልሰጥ ገንዘብ ወጣ። ባንኩ ኮዱ በስልክዎ ነው የገባው ይለኛል። እንዴት ነው ነገሩ? ካርዴን ኮፒ አድርገውት ይሆን?

ናሆም_ኬ
ጋሽ ታዬ አዝናለሁ። ካርድዎ አይመስለኝም። የርስዎ ከህሊና ይለያል፣ ለርስዎ ነበር ሮዛ ያለችው የሚሰራው። የጫኑት አፕ የባንኩን መልክ የለበሰ ነው፣ ሲከፈት ኤስኤምኤስ ለማንበብ ወይም «ተደራሽነት» የሚባለውን ፈቃድ ጠይቆዎት ይሆናል። ያ ፈቃድ ስክሪን ላይ ያለውን እንዲያነብና በርስዎ ምትክ እንዲጫን ያደርገዋል። ፓስወርድ ሲቀይሩም አዲሱን ያያል፣ ኮድ ሲመጣም ያነበዋል፣ አንዳንዱ መልእክቱን አንብቦ ይሰርዘዋል፣ ለዛ ነው ምንም ያላዩት።

አሁን አፑ አለ? ካለ መጀመሪያ ዋይፋይና ዳታ ያጥፉ፣ አውሮፕላን ሞድ ያድርጉት። ለባንኩ በሌላ ሰው ስልክ ይደውሉ፣ በዚህ አይደውሉ፣ ምክንያቱም ወደ ባንክ የሚደወለውን ጥሪ ወደራሳቸው የሚያዞሩ አፖች አሉ። ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት የሚለው ላይ ገብተው የማያውቁትን አፕ ስም ያጥፉ፣ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ» የሚለውም ላይ እንዲሁ፣ ከዛ ነው ማራገፍ። ሊያጠፉት ሲሉ ገጹ ራሱ ከተዘጋብዎት ስልኩን በሴፍ ሞድ ያስነሱትና እዛ ይሞክሩ። ፎቶና ስልክ ቁጥር አስቀምጠው ስልኩን ወደ ፋብሪካ መቼት መመለስ ግን ለርስዎ ግዴታ ነው የምለው፣ ፓስወርድ የሚቀይሩት ከዛ በኋላ ነው፣ በፊት ከቀየሩ መልሰው ለነሱ ነው የሚሰጡት።

ጋሽ_ታዬ
አፑ አሁንም አለ ልጄ። እኔ እኮ የባንኩ ነው ብዬ ነው የተውኩት። ሲም ካርዱንስ ልቀይር?

ናሆም_ኬ
ሲሙን መቀየር አያስፈልግም፣ ችግሩ ስልኩ ላይ ነው። ግን የጥሪ ማዞሪያ እንዳይኖር ይሄን ደውለው ይዩ፣ ጥሪዎ ወደ ሌላ ቁጥር እየዞረ እንደሆነ ይነግርዎታል፦

```
*#21#
```

የማያውቁት ቁጥር ካመጣ ይሄ ሁሉንም ያጠፋዋል፦

```
##002#
```

አንዳንድ ኔትወርክ ላይ ኮዱ ላይሰራ ይችላል፣ ያኔ ለቴሌኮሙ ደውለው ይጠይቁ። መጀመሪያ ግን ባንኩ።

ዳጊ
እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ፣ መልእክቱ እንዴት እውነተኛው የባንክ መልእክት ስር ሊገባ ቻለ? የባንኩን ሲስተም ሰብረው ነው ማለት ነው?

ናሆም_ኬ
አይደለም። የላኪ ስም የሚባለው ላኪው ራሱ የሚጽፈው ጽሁፍ ነው፣ እስከ 11 ፊደልና ቁጥር ይይዛል። ሰው የባንኩን ስም ጽፎ የሚልክበት መንገድ ካገኘ፣ ስልክህ ማን እንደላከው አያጣራም፣ ስሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ አንድ ላይ ይደረድረዋል። አንዳንድ አገር የላኪ ስም መመዝገቢያ አላቸው፣ ያልተመዘገበ ስም ይታገዳል ወይም ምልክት ይደረግበታል፣ ሌላው ጋር ግን እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ «ከድሮው መልእክት ጋር አንድ ላይ ነው የመጣው» የሚለው ምንም አያረጋግጥም። ህሊናን ያሳመናት ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነበር።

ቢኒ21
ግን ሊንኩ ላይ የመቆለፊያ ምልክት ካለ ትክክለኛ ነው አይደል? እኔ ሁሌ እሱን ነው የማየው።

ዳጊ
ይሄን እንኳን እኔ ልመልስ፣ ዌብሳይት ነው የምሰራው። መቆለፊያው አንተና ሳይቱ የምትላላኩት በመሀል ሰው እንዳያነበው ተቆልፏል ነው የሚለው፣ ወዲያ በኩል ያለው ሌባ ይሁን ባንክ አይነግርህም። ሰርተፊኬቱን ማንም ሰው በደቂቃ ውስጥ በነጻ ያወጣል፣ ሌባም ያወጣል። ክሮም ራሱ ሰው እየተሳሳተ ነው ብሎ 2023 ላይ መቆለፊያውን በሌላ ምልክት ቀይሮታል።

ማየት ያለብህ አድራሻውን ነው፣ እሱም ከግራ ሳይሆን ከቀኝ። ይሄን እይ፦

```
https://mybank.example.account-check.test/login
```

ከ`https://` በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ `/` ፈልግ፣ ከሱ ወደ ግራ ሂድ። መጀመሪያ የምታገኘው `account-check.test` ነው፣ የቤቱ ባለቤት እሱ ነው። `mybank.example` የሚለው ፊት ለፊት ስለተጻፈ ዓይን ይይዛል እንጂ ማንም ከፊት የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ስልክ ላይ ደግሞ ቦታ ስለሚጠብ የአድራሻው አንድ ጫፍ ብቻ ሊታይህ ይችላል፣ ተጭነህ ሙሉውን ካላየህ መለየት ከባድ ነው።

እኔ በበኩሌ በዓይኔ አልተማመንም። ፓስወርድ ማኔጀር እጠቀማለሁ፣ እሱ ፓስወርዱን የሚሞላው ያስቀመጥክበት አድራሻ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን የባንክ ገጽ መስሎኝ ገብቼ ማኔጀሩ ዝም አለ፣ እኔ ደግሞ ተበላሽቷል ብዬ በእጄ መጻፍ ጀምሬ ነበር፣ ሶስተኛው ፊደል ላይ ነው የነቃሁት። ዝም ሲል እየነገረህ ነው።

ህሊና_ቲ
ሰዎች ተመልሻለሁ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር። ከ10 ደቂቃ በፊት ሰው ደወለልኝ፣ «ከባንኩ ደህንነት ክፍል ነው፣ ዛሬ ማታ አካውንትሽ ላይ ሙከራ እንደተደረገ አይተናል» አለኝ፣ ሙሉ ስሜን ያውቃል፣ የየትኛው ባንክ እንደሆንኩ ያውቃል፣ ቅድም ሀሰተኛ ገጽ ላይ እንደገባሁም ያውቃል። ድምጹ በጣም የተረጋጋ ነው። «ገንዘብሽን ለጊዜው ወደምንከፍትልሽ ጊዜያዊ አካውንት እናዛውረው፣ የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» አለኝ። እኔ ቅድም ከባንኩ ጋር ስላወራሁ እነሱ ናቸው ብዬ አመንኩ፣ የሆነ ነገር ግን ከበደኝና መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። እውነት እነሱ ይሆኑ?

ናሆም_ኬ
አይደሉም። ቅድም ሁለተኛዋን ኮድ ያልሰጠሻቸው ሰዎች ናቸው። ስምሽን፣ ባንክሽን፣ ምን እንደደረሰብሽ የሚያውቁት ራሳቸው ስላደረጉት ነው። ባንክ ገንዘብሽን ለመጠበቅ ወደ ሌላ አካውንት አያስወጣም፣ እዛው ባለበት ያግደዋል፣ ኮድም በስልክ አንብቢልኝ አይልሽም። በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ አቤቱታ ቁጥርሽን ሰጥተሽ «ደውላችሁልኛል?» በያቸው። ከተቻለ ከሌላ ስልክ ደውይ፣ አለዚያ መስመሩ እውነት መዘጋቱን አረጋግጪ፣ በተለይ የቤት ስልክ ከሆነ ደዋዩ ካልዘጋው መስመሩ ሊቆይ ይችላል።

ህሊና_ቲ
ደወልኩ። አልደወልንም አሉ፣ የደወለበትን ቁጥርም መዘገቡ። አሁን ነው እግሬ የከዳኝ።

ሮዛ_ም
እኔ ግን የሚያናድደኝ ባንኮቹ ራሳቸው ሊንክ ይልካሉ፣ «መረጃዎን ያድሱ» እያሉ፣ «የዳሰሳ ጥያቄ ሙሉልን» እያሉ። ከዛ ሰው ሲታለል ለምን ተጫንክ ይላሉ። እኛ እንዴት ነው የምንለየው? ይሄ የነሱ ጥፋትም ነው።

ናሆም_ኬ
ውስጥ ሆኜም ስል የነበረው ይሄንን ነው። ኤስኤምኤስ ውስጥ ሊንክ ጨርሶ አንልክም ያሉ ባንኮች አሉ፣ ደንበኛው በቀላሉ የሚይዘው እሱን ነው፣ ሊንክ ካለ እኛ አይደለንም። ግን ማርኬቲንጉ ክፍል አይስማማም፣ እኛ ጋም ሁለት ጊዜ ቀርቦ ሁለቴም ወድቋል።

ቢኒ21
ገንዘቡ ወጥቶ ቢሆንስ ይመልሱ ነበር? ኮዱን ራሷ ስለሰጠች የሷ ጥፋት ነው አይሉም?

ናሆም_ኬ
እንደየአገሩ ሕግና እንደየባንኩ ነው፣ አንድ መልስ የለውም። ኮዱን ራስዎ ነው የሰጡት ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ተታልሎ መስጠት ፈቅዶ መስጠት አይደለም የሚሉም አሉ። እኔ ሁለተኛው ጋ ነኝ ግን የሚያሸንፈው ሁልጊዜ እሱ አይደለም። ያየሁት ልዩነት ሰዓት ላይ ነው፣ ገንዘቡ ተቀባዩ አካውንት ላይ እያለ ከተደወለ ያንን አካውንት ማሳገድ ይቻላል፣ ወጥቶ በጥሬው ከተወሰደ በኋላ ግን የሚታገድ ነገር አይኖርም። ጋሽ ታዬ ለርስዎም ሳምንት ስላለፈ ብለው አይተዉት፣ አቤቱታውን በጽሁፍ ያስገቡ፣ አፑን የጫኑበትን መልእክት ስክሪንሾት አያይዙበት፣ ስልኩን ከማጽዳትዎ በፊት ማለት ነው። ለፖሊስም ያመልክቱ፣ ብዙ ባንክ ያንን ወረቀት ይጠይቃል።

ጋሽ_ታዬ
መልእክቱ አለኝ፣ አልሰረዝኩትም። የልጄን ስልክ ተቀብዬ ልደውል ነው፣ የኔ አውሮፕላን ሞድ ላይ ነው አሁን።

ህሊና_ቲ
አንድ የቀረኝ ነገር። ያ ፓስወርድ የኢሜይሌም ነው፣ አንድ ዓይነት ነበር ያደረኩት። አሁን ገብቼ ሳይ ከማላውቀው ቦታ ለመግባት ተሞክሮ ታግዷል፣ ሰዓቱ ከገጹ ከወጣሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ቀይሬዋለሁ፣ ከሁሉም መሣሪያ ውጣ የሚለውንም ተጭኛለሁ።

ናሆም_ኬ
ጎበዝ። ኢሜይሉ ሴቲንግ ውስጥ ፎርዋርድ የሚለውንና ፊልተሮቹንም እይ፣ ገብተው ከነበረ ከባንክ የሚመጣው ወደነሱ እንዲሄድ ወይም ለአንቺ እንዳይታይ አድርገው ሊሆን ይችላል።

ህሊና_ቲ
አየሁት፣ ፎርዋርድ ባዶ ነው፣ ፊልተርም የለም። ባንኩ ነገ ሦስት ሰዓት መታወቂያ ይዤ ቅርንጫፍ ቀርቤ እንደ አዲስ እንድከፍት ነግሮኛል፣ እስከዛ ምንም አይንቀሳቀስም። አካውንቱ ላይ ያለው እንዳለ ነው።